የዩቲዩብ ኮፒራይት ስትራይክ እና ካውንተር ኖቲስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስትራይክ መጥቶባችሁ «ካውንተር ልላክ ወይስ ልተወው?» እያላችሁ ለምታመነቱ የተጻፈ ነው።

ኮፒራይት ስትራይክ የሚመጣው ከየት ነው?

አንድ ሰው «ይህ ቪዲዮ ያለ ፈቃዴ ሥራዬን ወስዷል፣ አውርዱልኝ» ብሎ በሕግ የተደነገገውን የማውረጃ ጥያቄ ለዩቲዩብ ሲያስገባ ነው። ዩቲዩብ ጥያቄውን ያያል። የተሟላ ከመሰለው ቪዲዮውን ያወርዳል፣ ቻናሉ ላይም አንድ ስትራይክ ይመዘግባል። «ቻናሌ ተመታ» የሚባለው ያኔ ነው።

ለምን ሳይጠይቅ ያወርዳል? አሠራሩ የሚመራው በ1998 (እ.ኤ.አ.) በወጣውና ዲኤምሲኤ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ዩቲዩብ ጥያቄ ሲደርሰው ቶሎ ካወረደ፣ ተጠቃሚዎቹ በጫኑት ነገር እሱ ራሱ ካሳ ከመክፈል ይድናል። ዝም ካለ ተጠያቂነቱ ወደ እሱ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ያወርዳል። የማን ሥራ እንደሆነ መርምሮ መፍረድ ሥራው አይደለም። ብዙ ሰው የሚናደደው እዚህ ጋ ነው፤ «ማስረጃዬን ሳያዩ እንዴት ያወርዱብኛል?» ይላል። ማስረጃ ተመዝኖ የሚፈረደው ፍርድ ቤት ነው። ካውንተር ኖቲስ ደግሞ ከሳሹን «እንግዲህ ፍርድ ቤት ሂድ፣ ካልሄድክ ቪዲዮዬ ይመለስ» የሚል ወረቀት ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

ክሌይም እና ስትራይክ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ክሌይም በአብዛኛው የሚመጣው ኮንቴንት አይዲ ከሚባለው ማሽን ነው። የመብት ባለቤቶች ድምፃቸውንና ምስላቸውን ያስገቡበታል፣ እሱም እናንተ ከምትጭኑት ጋር ያነጻጽራል። ተመሳሳይ ካገኘ ክሌይም ይለጥፋል። ባለቤቱ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል፦ ቪዲዮውን ያግዳል፣ ማስታወቂያ አስገብቶ ገቢውን ይወስዳል፣ ወይም የዕይታውን ቁጥር ብቻ ይከታተላል። ገንዘብ ልታጡ ትችላላችሁ፤ ክሌይም ብቻውን ግን ስትራይክ ሆኖ አይቆጠርም። መቶ ክሌይም ያለው ቻናል አንድም ስትራይክ ላይኖረው ይችላል።

የትኛው እንደደረሰባችሁ ለማወቅ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ Content ላይ ግቡ። Restrictions በሚለው ረድፍ ከቪዲዮው ፊት ለፊት Copyright የሚል ካያችሁ፣ ላዩ ላይ ሄዳችሁ See details የሚለውን ተጫኑ። ስትራይክ ከሆነ ቪዲዮው ወርዷል፣ በኢሜይልም ማን እንዳስወረደው ተነግሯችኋል። ኢሜይሉን አታጥፉት። የከሳሹ አድራሻ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስትራይክ ቻናሉን ምን ያደርጉታል?

የመጀመሪያው ሲመጣ ዩቲዩብ ኮፒራይት ስኩል ያስገባችኋል። አጭር ቪዲዮ አይታችሁ ጥቂት ጥያቄ ትመልሳላችሁ። ቀላል ነው፤ ግን ሳይጨርሱ ትተውት ስትራይኩ ለምን እንደማይነሳ የሚገረሙ ሰዎች አሉ። ስትራይክ የሚቆየው 90 ቀን ነው። በዚህ መሀል ሞኒታይዜሽናችሁ ሊነካ ይችላል። የወረደው የቀጥታ ስርጭት ከሆነም ላይቭ የመግባት ፈቃዳችሁ ለጊዜው ሊታገድ ይችላል።

በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሞላ ግን ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ከእሱ ጋር የተያያዙ ሌሎች ቻናሎቻችሁም አብረው ይዘጋሉ፣ የጫናችኋቸው ቪዲዮዎች ይወርዳሉ፣ አዲስ ቻናል መክፈትም አይፈቀድላችሁም። ቆጠራው ለእያንዳንዱ ስትራይክ ለየብቻው ነው። የመጀመሪያው በ1ኛው ቀን፣ ሁለተኛው በ40ኛው ቀን መጣ እንበል። ሦስተኛው በ85ኛው ቀን ከመጣ ሦስቱም በሕይወት አሉ፣ ቻናሉ አደጋ ላይ ነው። በ95ኛው ቀን ቢመጣ ግን የመጀመሪያው አልፎበታል፣ ያላችሁ ሁለት ብቻ ነው። የማኅበረሰብ መመሪያ ጥሰት ስትራይክ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከዚህ ጋር አይደመርም።

ቪዲዮውን ባጠፋው ስትራይኩ ይነሳል?

አይነሳም። ቪዲዮውን ማጥፋት የተመዘገበውን ስትራይክ አይሰርዘውም።

ማጥፋት የሚጠቅምበት አንድ አጋጣሚ አለ። ከሳሹ ጥያቄውን ሲያስገባ «ለ7 ቀን ይቆይ» ብሎ ሊያዘገየው ይችላል። ያኔ ቪዲዮው ገና አልወረደም፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የሚደርሳችሁ። ጥፋቱ የእናንተ መሆኑን ካወቃችሁ በእነዚያ 7 ቀናት ውስጥ አጥፉት፤ ስትራይክ አይመጣም። ኢሜይል በየቀኑ የማያይ ሰው ይህን ዕድል ያሳልፈዋል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ከሁሉም ቀላሉ መውጫ እሱ ነበር።

ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ፣ ወይም ለባለቤቱ ክሬዲት ከሰጠሁ ይፈቀዳል አይደል?

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። 10 ሰከንድ፣ 30 ሰከንድ የሚባለው በወሬ የተስፋፋ ነው። ክሬዲት መስጠት ጨዋነት ነው፣ ፈቃድ ግን አይሆንም። ዲስክሪፕሽን ላይ «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍማ የሰው ሥራ መሆኑን እያወቃችሁ እንደጫናችሁት በራሳችሁ እጅ ማመን ነው። ዘፈኑን ከፍሎ ማውረድም እንዲሁ፤ የገዛችሁት የመስማት መብት እንጂ በቪዲዮ ላይ አስገብቶ ለሕዝብ የማቅረብ መብት አይደለም።

ዘፈኑን የዘፈንኩት ራሴ ነኝ። እንዴት ልመታ እችላለሁ?

በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። አንዱ ዜማና ግጥሙ ነው፣ ባለቤቶቹ ደራሲዎቹ ናቸው። ሁለተኛው የተቀዳው ድምፅ ነው፣ ባለቤቱ ያስቀረጸው ሰው ወይም ኩባንያ ነው። የሌላን ሰው ዘፈን እንደገና ስትዘፍኑ የተቀዳው ድምፅ የእናንተ ሆነ፤ ዜማና ግጥሙ ግን አሁንም የደራሲው ነው። ስለዚህ ደራሲው ወይም የሚወክለው አሳታሚ ቪዲዮውን ማስወረድ ይችላል።

ካውንተር ከመላካችሁ በፊት ይህን ለዩ። ኢሜይሉ ላይ የተጠቀሰው የተቀዳ ድምፅ ነው ወይስ ድርሰቱ? «ድምፁ የራሴ ነው» የሚለው መልስ ለመጀመሪያው ይሠራል፣ ለሁለተኛው ምንም አይፈይድም።

ስትራይክን ለማንሳት ስንት መንገድ አለ?

ሦስት ነው። አንደኛው ኮፒራይት ስኩልን ጨርሶ 90 ቀን መጠበቅ ነው። ስትራይኩ ይነሳል፣ ቪዲዮው ግን እንደወረደ ይቀራል። ሁለተኛው ከሳሹ ጥያቄውን እንዲያነሳ ማድረግ ነው፤ ሪትራክሽን ይባላል። ሦስተኛው ካውንተር ኖቲስ ነው።

ሁለተኛውን ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ሁሌም መጀመሪያ እሱን ሞክሩ እላለሁ። ብዙ ጥያቄ የሚላከው በብዛት ነው፤ በኩባንያው ውስጥ ያለው ሠራተኛ የእናንተን ቪዲዮ ለይቶ ላያየው ይችላል። ቁጣ የሌለበት አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ የቪዲዮውን ሊንክ፣ ፈቃዱን ከማን እንዳገኛችሁ፣ ሰነዱን አያይዛችሁ። ከተስማሙ ቪዲዮው ይመለሳል፣ ስትራይኩም ይነሳል። የቤት አድራሻ መስጠት የለ፣ ክስ የለ።

ካውንተር ኖቲስ ምንድን ነው? አቤቱታ ነው?

አቤቱታ አይደለም፤ ሕጋዊ መግለጫ ነው። ለዩቲዩብ «እባካችሁ እንደገና እዩልኝ» ማለት ሳይሆን «ቪዲዮዬ የወረደው በስህተት ወይም ከሌላ ሥራ ጋር ተምታቶ እንደሆነ በቅን ልቦና አምናለሁ፣ ውሸት ከሆነም በሐሰት ምስክርነት ልጠየቅ» ብሎ መፈረም ነው። ስለዚህ «ሌሎችም ይጭኑታል»፣ «ገንዘብ አልሠራሁበትም»፣ «ይቅርታ፣ አላወቅሁም» የሚሉት መልሶች እዚህ ቦታ የላቸውም። አለማወቅ ያሳዝን ይሆናል፣ ግን የወረደው በስህተት ነው አያሰኝም።

የሚላክባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። ሥራው ሙሉ በሙሉ የራሳችሁ ሲሆን፣ የጽሑፍ ፈቃድ ሲኖራችሁ፣ ሥራው የመብት ጊዜው ያለፈበት ሲሆን፣ አጠቃቀማችሁ ሕጉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድም በሚፈቅደውና ፌር ዩዝ በሚባለው ውስጥ ሲወድቅ፣ ወይም ከሳሹ ባለቤት ሳይሆን ቀርቶ ሲገኝ። ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ካልሆናችሁ አትላኩ።

ፎርሙ ላይ ምን ይሞላል?

Content ውስጥ ቪዲዮውን አግኝታችሁ See details ትላላችሁ። ከዚያ Select action የሚለው ስር Submit counter notification ይመጣላችኋል። የሚጠየቀው ሙሉ ስም፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ ስልክ፣ ምክንያት፣ ሁለት የስምምነት ዐረፍተ ነገሮች፣ በመጨረሻም ፊርማ ነው። ስሙ የሕግ ስማችሁ መሆን አለበት። የቻናሉን ስም የሚጽፍ ሰው አለ፤ ይመለስበታል።

ከሁለቱ አንዱ ከላይ ያልኩት የቅን ልቦና መግለጫ ነው። ሁለተኛው የፍርድ ቤት ሥልጣንን መቀበል ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ አድራሻችሁ የሚገኝበትን የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ከአሜሪካ ውጭ ከሆናችሁ ደግሞ ዩቲዩብ የሚገኝበትን ትቀበላላችሁ። የከሳሹን የክስ መጥሪያ ለመቀበልም ትስማማላችሁ። አይታችሁ እለፉ ብዬ አልመክርም፤ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ምክንያቱን አጭርና የሚጣራ አድርጉት። «ይህ የእኔ ነው፣ ግፍ ነው» ከማለት ይልቅ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «በቪዲዮው ከ0፡00 እስከ 3፡40 የሚሰማውን ሙዚቃ ከሠራው ፕሮዲውሰር በጽሑፍ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ፈቃዱ በዩቲዩብ ላይ መጠቀምን ይፈቅዳል። ከሳሹ ይህንኑ ቢት በተመሳሳይ ፈቃድ የወሰደ ሰው ሲሆን የብቻ ባለቤትነት የለውም።» ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፣ ሁሉም በሰነድ የሚረጋገጥ።

ከላክሁ በኋላ ቪዲዮው ስንት ቀን ይፈጅበታል?

ዩቲዩብ መጀመሪያ ያነበዋል። ያልተሟላ ወይም ምክንያቱ የማያስኬድ ከሆነ ይመልሰዋል። ካለፈ ወደ ከሳሹ ይልከዋል። ከዚያ በኋላ ከሳሹ 10 የሥራ ቀን አለው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፍርድ ቤት መሄዱን የሚያሳይ ማስረጃ ለዩቲዩብ ካላቀረበ ቪዲዮው ይመለሳል፣ ስትራይኩም ይነሳል።

የሥራ ቀን የሚቆጠረው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ የሕዝብ በዓላትም አይገቡም። ካውንተሩ ረቡዕ ቀን ወደ ከሳሹ ከተላለፈ፣ ሐሙስ 1 ብላችሁ ብትቆጥሩ አሥረኛው ቀን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለው ረቡዕ ነው። በመሀል አንድ የበዓል ሰኞ ካለ ወደ ሐሙስ ይሸጋገራል። «አሥር ቀን ሞላ፣ ለምን አልመለሱልኝም?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድን ከመቁጠር ነው።

ቢቱን ከፍዬ ገዝቼዋለሁ፣ ሌላ ዘፋኝ ግን «የኔ ነው» ብሎ መታኝ። እንዴት ሆኖ?

ሙዚቃ ላይ በጣም የተለመደው ችግር ይህ ስለሆነ ከመጀመሪያው እንሂድ። አንድ ፕሮዲውሰር አንዱን ቢት ለብዙ ዘፋኞች ያከራያል፤ ሊዝ ይሉታል። እናንተም ወሰዳችሁ፣ ሌላው ዘፋኝም ወሰደ። እሱ ዘፈኑን በሙዚቃ አከፋፋይ በኩል ሲለቅ ኮንቴንት አይዲ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ኮንቴንት አይዲ የሚቀበለው ግን የብቻ መብት ያለውን ሥራ ነው፤ የተከራየ ቢት ሊመዘገብበት አይገባም። ማሽኑ ይህን አያውቅም። የእናንተ ዘፈን ውስጥ ያንኑ ቢት ሰማ፣ ክሌይም ለጠፈ። ዲስፒዩት ታደርጋላችሁ። በ5 ቀን ውስጥ ካደረጋችሁት ገቢው ከክሌይሙ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሳይከፈል ይያዛል። ከዘገያችሁ የሚያዘው ዲስፒዩት ካደረጋችሁበት ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ከሳሹ ለመመለስ 30 ቀን አለው። ዝም ካለ ክሌይሙ ይወድቃል።

በ20ኛው ቀን «አልቀበልም» አለ እንበል። አሁን አፒል ታደርጋላችሁ፤ እዚህ ላይ ከሳሹ ለመመለስ ያለው 7 ቀን ብቻ ነው። ጨዋታው የሚለወጠውም እዚህ ነው። እስካሁን የነበረው ክሌይም ነበር። አፒል ሲደረግበት ከሳሹ ክሌይሙን መተው አለበት፣ ወይም ደግሞ መደበኛ የማውረጃ ጥያቄ ማስገባት። በ6ኛው ቀን አስገባ፣ ቪዲዮው ወረደ፣ ስትራይክ መጣ። ስለዚህ ሰነድ ሳትይዙ አፒል አታድርጉ፤ ክሌይምን ወደ ስትራይክ የምታሳድጉት በራሳችሁ እጅ ሊሆን ይችላል። ከሳሹ ጥያቄውን በ7 ቀን ካዘገየው ግን አፒሉን ሰርዛችሁ ወደ ክሌይም መመለስ ትችላላችሁ።

ስትራይኩ ከመጣ በኋላ ሦስት ነገር ሰብስቡ፦ የሊዝ ውሉን፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፣ ፕሮዲውሰሩ «ለሁለቱም ሰጥቻለሁ፣ የብቻ መብት ለማንም አልሸጥኩም» የሚልበትን ኢሜይል። መጀመሪያ ለአከፋፋዩ ላኩ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ካውንተር። ከመላካችሁ በፊት ግን የራሳችሁን ውል ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ብዙ ሊዝ የዕይታ ጣሪያና የጊዜ ገደብ አለው። ዘፈኑ ጣሪያውን አልፎ ከሆነ ወይም ውሉ ካለቀ ፈቃዳችሁ የለም፤ «በስህተት ነው የወረደው» ብላችሁ መፈረም አትችሉም። ፕሮዲውሰሩ በኋላ ቢቱን ለሌላው በብቸኝነት ሸጦት ከሆነም፣ የእናንተ የቀደመ ሊዝ ይቀጥላል ወይ የሚለው በውሉ ቃል ነው የሚወሰነው።

አድራሻዬን ለከሳሹ ይሰጡታል?

አዎ። ካውንተሩ እንዳለ ነው የሚላክለት፤ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ጭምር። ሕጉ የሚፈልገው ከሳሹ መክሰስ ከፈለገ መጥሪያ የሚልክበት ቦታ እንዲያውቅ ነው። ግን ይህ ለክፉ ሰው በር ይከፍታል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ዩቲዩብ ራሱ አንድ የኔብራስካ ነዋሪ ከስሷል። ሰውየው የሐሰት የማውረጃ ጥያቄ እያስገባ «ስትራይኩን እንዳነሳላችሁ ክፈሉኝ» ይል ነበር ተብሎ ነው የተከሰሰው። የክሱ ጽሑፍ የሐሰት ጥያቄዎቹን የአንድ ቻናል ባለቤትን አድራሻ ከካውንተር ኖቲስ ለማግኘት እንደተጠቀመባቸውም ይጠረጥራል። በዚያው ዓመት 25,000 ዶላር ሊከፍልና በይፋ ይቅርታ ሊጠይቅ ተስማምቶ ነገሩ አለቀ።

ስለዚህ ከሳሹ ኩባንያ ሳይሆን የማታውቁት ወይም የሚያስፈራራችሁ ግለሰብ ከሆነ በራሳችሁ ስም አትላኩ። ጠበቃ ወይም ሌላ ሕጋዊ ወኪል ስለ እናንተ መላክ ይችላል። የሐሰት አድራሻ መጻፍ ግን አያዋጣም፤ የምትፈርሙት ሰነድ ላይ ራሳችሁ ውሸት አስገባችሁ ማለት ነው።

ካውንተር ከላክሁ ይከሰኛል?

ሊከስ ይችላል፤ ሂደቱ የተሠራው ለዚያ ነው። ከከሰሰና ማስረጃውን ካቀረበ ቪዲዮው እንደወረደ ይቆያል፣ ጉዳዩ ከዩቲዩብ እጅ ይወጣል። በአሜሪካ ሕግ ሆነ ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ፍርድ ቤት በአንድ ሥራ እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ሊወስን ይችላል። ከአሜሪካ ውጭ መኖር ብቻውን ነፃ አያወጣም፤ ፎርሙ ላይ ሥልጣኑን ተቀብላችሁ ፈርማችኋል። በተግባር ክስ ገንዘብና ጊዜ ስለሚበላ ብዙ ከሳሽ አይገባበትም። በዚያ ላይ ተስፋ ጥሎ መፈረም ግን አደገኛ ነው። ራሳችሁን ልትጠይቁት የሚገባው ጥያቄ «ይከሰኝ ይሆን?» ሳይሆን «ቢከሰኝ የማሳየው ሰነድ አለኝ?» የሚለው ነው።

ሪአክሽን ወይም ትችት ነው የሠራሁት። ፌር ዩዝ ብዬ ልላክ?

ፌር ዩዝ አስማተኛ ቃል አይደለም። የአሜሪካ ፍርድ ቤት አራት ነገር ይመዝናል፦ የሰውን ሥራ ለምን ዓላማ ተጠቀማችሁ፣ ሥራው ምን ዓይነት ነው፣ ምን ያህሉን ወሰዳችሁ፣ የባለቤቱን ገበያ ጎዳችሁበት ወይ። ሙሉውን ቪዲዮ አጫውታችሁ ጥግ ላይ ሆናችሁ ከሳቃችሁ ሚዛኑ አያዳላላችሁም። እያቆማችሁ፣ እየተቻችሁ፣ እያስረዳችሁ ከሆነ ሌላ ነው።

ጥሩ ማሳያ የዩቲዩበሮቹ የኢታን እና ሂላ ክላይን ጉዳይ ነው። የማት ሆሴንዛዴህን ከአምስት ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ቪዲዮ በ14 ደቂቃ ገደማ ቪዲዮ ውስጥ እየቆራረጡ አሳይተው ተቹት፤ የወሰዱት ከሦስት ደቂቃ በላይ ነበር። በኤፕሪል 2016 አስወረደባቸው፣ ካውንተር ላኩ፣ ከሰሳቸው። በኦገስት 2017 የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ፌር ዩዝ ነው ብሎ ፈረደላቸው። ካውንተራቸውም በቅን ልቦና የተላከ ነው አለ። ግን ልብ በሉ፦ ትክክል ሆነውም ከአንድ ዓመት በላይ ፍርድ ቤት ቆመዋል። ለጠበቃ ማዋጣትም አስፈልጓል።

ከሳሹም ግዴታ አለበት። አንዲት እናት በ2007 ሕፃን ልጇ በዘፈን ሲወዛወዝ የሚያሳይ የ29 ሰከንድ ቪዲዮ ጭና ወረደባት። ስቴፋኒ ሌንዝ ትባላለች። ጉዳዩ በ2015 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የመብት ባለቤት ከማስወረዱ በፊት ፌር ዩዝ ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ ማሰብ እንዳለበት ተወሰነ። ምክንያታችሁን ስትጽፉ አራቱን ነጥቦች በራሳችሁ ቪዲዮ ላይ አሳዩ፤ «ፌር ዩዝ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ አትጣሉለት።

ሦስተኛው ስትራይክ መጥቷል። ጊዜ አለኝ?

ቻናላችሁ የዩቲዩብ ፓርትነር ፕሮግራም አባል ከሆነ 7 ቀን ይሰጣችኋል። በእነዚህ ቀናት ቻናሉ ይታያል፣ አዲስ ቪዲዮ መጫን ግን አትችሉም፣ ስትራይኮቹም አያልፍባቸውም። በ7ቱ ቀን ውስጥ ካውንተር ከላካችሁ፣ እሱ ውሳኔ እስኪያገኝ ቻናሉ አይዘጋም። አባል ካልሆናችሁ በዚህ ዕድል አትተማመኑ።

ሰው በድንጋጤ ሦስቱንም በአንዴ ካውንተር ያደርጋል። አታድርጉት። ሦስቱን ዘርዝሩና ሰነድ ያላችሁበትን ለዩ። ቻናሉን ለማዳን አንዱ ቢነሳ ይበቃል፤ ከሦስት ወደ ሁለት ወረዳችሁ ማለት ነው። በጠንካራው ካውንተር ላኩ፣ ለቀሩት ሁለት ሪትራክሽን ጠይቁ። ሰነድ በሌላችሁበት ላይ መፈረም ግን በቻናል ችግር ላይ የፍርድ ቤት ችግር መጨመር ነው።

ቻናሉ ተዘግቷል። አሁንም ካውንተር መላክ ይቻላል?

ይቻላል። ስቱዲዮ ውስጥ ያለውን ፎርም መክፈት ካልቻላችሁ፣ ፎርሙ ላይ የሚጠየቀውን ሁሉ በጽሑፍ አዘጋጅታችሁ ወደ copyright@youtube.com ትልካላችሁ። የወረደውን ቪዲዮ ሊንክ በትክክል ጻፉ። የፍርድ ቤቱንና የቅን ልቦናውን ዐረፍተ ነገሮች አትቀይሯቸው፤ ዩቲዩብ በሚያቀርበው ቃል እንዳለ ገልብጡ። በመጨረሻ ሙሉ ስማችሁን እንደ ፊርማ አስቀምጡ።

በሌላ ስም አዲስ ቻናል ከፍቶ መጠበቅን ብዙ ሰው ይሞክረዋል። የተዘጋበት ሰው ሌላ ቻናል እንዳይከፍት ስለተከለከለ ያም ሊዘጋ ይችላል። ለካውንተሩ የሚያስፈልጓችሁን የድሮ ኢሜይሎች፣ ሊንኮችና ውሎች ቻናሉ ከመዘጋቱ በፊት ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ከተዘጋ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ገብቶ የቪዲዮ ሊንክ መፈለግ አይቻል ይሆናል፤ ያ የመጀመሪያው የስትራይክ ኢሜይል ከሌላችሁ የቱ ቪዲዮ በማን እንደወረደ ማሳየት ይከብዳችኋል።